የተበታተኑ ጥያቄዎችን በየባቡ መሰብሰብ፦ የጥያቄ ሳጥኑ ወረቀቶች እንዴት መጽሐፍ ይሆናሉ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከደርስ በኋላ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው አንድ ምሽት ነው። ጠያቂው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ኡስታዙ ይመልሳሉ፣ ከተቀመጡት አንዱ መልሱን ከወረቀቱ ጀርባ ያሰፍራል፣ ከዚያ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቃል። እኛም በሴሚስተር ዕረፍት ጥቂት ሆነን ጫጫ ላይ ተሰብስበን ካርቶኑን ከፈትነው። ከካምፓስ ደርሶችና ከጫጫ ወንድምና እህቶች የተሰበሰቡት ወረቀቶች 128 ነበሩ። ሥራችን እነሱን በየርዕሱ ለይተን ሁሉንም በአንድ ዓይነት የጥያቄና መልስ አቀማመጥ ማሰናዳት ነበር።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ የጸሐፊ ሥራ ይመስላል፤ መቁጠርና መገልበጥ። ውስጡ ሲገቡ ግን አንድ ትልቅ አማና አለበት። መልሱ የተሰጠው ለአንድ ሰው፣ በአንድ ሁኔታ ነው። ወረቀቱ ከካርቶን ወጥቶ ሲታተም ደግሞ መልሱን የሚያነበው ሌላ ሰው፣ በሌላ ሁኔታ ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ የአቀማመጡ ዋና ዓላማ ገጹን ማሳመር ሳይሆን መልሱ ከሁኔታው እንዳይነጠል መያዝ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ሥራው አዲስ አይደለም

ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) በ676 ዓመተ ሒጅራ ነው የሞቱት። ለተጠየቁት የሰጧቸው መልሶች የተሰበሰቡበት ኪታብ «አል-መሳኢል አል-መንሡራ» ይባላል፤ «የተበታተኑ ጉዳዮች» ማለት ነው። ስሙ እንደሚነግረን ጥያቄዎቹ መጀመሪያ ቅደም ተከተል አልነበራቸውም። በፊቅህ ባቦች ከፋፍሎ ያሰናዳቸው ተማሪያቸው ዐላኡዲን ኢብኑል ዐጣር ነው። የመልሶቹ ባለቤት መምህሩ ናቸው፤ የቅደም ተከተሉ ባለቤት ደግሞ ተማሪው ነው። ተማሪው በባቦቹ ላይ ሠራ እንጂ በብይኑ ላይ አልሠራም። እኛም ለራሳችን ያሰመርነው መስመር ይኸው ነው፤ የሚለይ ሰው ሙፍቲ አይደለም።

የድሮዎቹ የፈትዋ ኪታቦች ወጥ አቀማመጥም ነበራቸው። ጥያቄው «ሱኢለ» (ተጠየቀ) ወይም «መስአላ» በሚል ይጀምራል፤ መልሱ «አል-ጀዋብ» ወይም «አጃበ» (መለሰ) በሚል ይቀጥላል። አንባቢው ጥያቄው የት እንደሚያበቃና የዓሊሙ ቃል የት እንደሚጀምር አይጠፋውም። በእኛ አማርኛ «ጥ፦» እና «መ፦» ያንኑ ይሠራሉ።

ከመለየት በፊት መቁጠር

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይነኩ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቁጥር መጻፍና በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ቁጥሩ የወረቀቱ ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው የትም ባብ ቢገባ፣ ቃሉ ቢታረም፣ ከሌላ ጋር ቢጣመር ቁጥሩ አይለወጥም። አንድ አንባቢ «ይህ መልስ እንዲህ ነው የተሰጠው?» ቢል በቁጥሩ ወደ ወረቀቱ መመለስ ይቻላል። ሳይቆጥሩ መለየት የጀመሩ እንደሆነ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል፤ የጠፋ ወረቀት መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

ሁለተኛው ሥራ ሙሉ ክምሩን አንድ ጊዜ ሳይለዩ ማንበብ ነው። በዚህ ንባብ ወቅት ሁለት ጥያቄ የያዙ ወረቀቶች ይታያሉ። አንዱ ወረቀት ለምሳሌ በመጀመሪያው መስመር ስለ ካልሲ ላይ ማበስ፣ በሁለተኛው ስለ ዕቁብ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ለሁለት ከፍለን 47ሀ እና 47ለ እንለዋለን። በእኛ ክምር 9 ወረቀቶች እንዲህ ነበሩ፤ ስለዚህ 128ቱ ወረቀቶች 137 ጥያቄዎች ሆኑ። ይህን ቁጥር አስታውሱት፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ባቡን የሚወስነው መልሱ የቆመበት ጉዳይ ነው

ለባቦቹ አዲስ ስም መፍጠር አላስፈለገንም። ቂርአት ቤት የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው የፊቅህ ኪታቦች ቅደም ተከተል አለ፤ ጠሃራ፣ ሶላት፣ ዘካት፣ ጾም፣ ሐጅ፣ ከዚያ ግብይት፣ ከዚያ ኒካሕ። ጠሃራ የሚቀድመው ያለ እሱ ሶላት ስለማይቆም ነው፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት አለው። ከፊት ዐቂዳን፣ ከኋላ ምግብና መጠጥን እንዲሁም አደብን ጨመርን።

ችግሩ የሚመጣው ጥያቄውን ባብ ውስጥ ሲያስገቡ ነው። የጠያቂው ቃል ያሳስታል። አንድ ወረቀት እንዲህ ይላል፤ «ሱብሒ ላይ ውሃው በረዶ ነው፣ ገላዬን መታጠብ ግዴታዬ ሆኖ ሳለ ሶላቱ ሊያመልጠኝ ነው፣ ምን ላድርግ?» የጥቅምትና የኅዳርን የጫጫና የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባዋል። በወረቀቱ ላይ «ሱብሒ» እና «ሶላት» የሚሉ ቃላት ስላሉ እጃችን ወደ ሶላት ባብ ይሄዳል። መልሱ የቆመው ግን ተየሙም መቼ ይፈቀዳል በሚለው ላይ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ጠሃራ ነው። ደንቡ ይህ ነው፤ መልሱን አንብቡና «ይህ መልስ የተመሠረተው በምን ላይ ነው?» በሉ። ባቡ እሱ ነው። ጥያቄውን ብቻ አንብቦ የለየ ሰው ግማሹን ክምር በተሳሳተ ቦታ ያስቀምጣል።

«ልዩ ልዩ» የሚባል ባብ አንድ ምልክት ይሰጣል። ሁለት ሦስት ጥያቄ ቢገባበት ችግር የለውም። ከሌሎቹ ባቦች እኩል ሲወፍር ግን የባቦቹ አከፋፈል እንዳልሠራ ተረዱ፤ ውስጡን ብትከፍቱት ስም ያልተሰጠው አንድ ባብ ተደብቆ ታገኛላችሁ። በእኛ ክምር ተደብቆ የነበረው የፈተና፣ የላብራቶሪና የክፍል ሰዓት ከሶላት ወቅት ጋር ሲጋጭ የሚነሱት ጥያቄዎች ነበሩ። በሶላት ባብ ሥር «የሶላት ወቅት» የሚል ንዑስ ርዕስ ሲከፈትላቸው «ልዩ ልዩ» ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የፊቅህ ቅደም ተከተል ግን ቂርአት ላልተቀመጠ ተማሪ በሩ ጠባብ ነው። እሱ የሚፈልገው «ዶርም»፣ «ፈተና»፣ «ካፌ»፣ «ጉዞ» ብሎ ነው። ባቦቹን በእነዚህ ቃላት ብንሠራ አንዱ የተየሙም ጉዳይ በሦስት ቦታ ይበታተናል። ስለዚህ ባቦቹን እንደ ኪታቡ ትተን በመጨረሻው ገጽ ላይ የኑሮ ማውጫ ጨመርን፤ «ጉዞ፦ 23፣ 61፣ 88» እንደማለት ነው። ጥያቄው የሚኖርበት ቤት አንድ ነው፤ ወደ እሱ የሚያስገቡት በሮች ግን ሁለት ናቸው።

ሦስት ተመሳሳይ ወረቀቶች

አሁን አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ እንይ። የወረቀት ቁጥር 23 እንዲህ ይላል፤ «ከዚህ ወደ ቤት ስሄድ ሶላት አሳጥራለሁ?» ከጀርባው «ይቻላል» ተብሏል። ቁጥር 61 ደግሞ፤ «ቤቴ ጫጫ ነው፣ በየሳምንቱ እመላለሳለሁ፣ ቀስር ይቻላል ወይ?» መልሱ «አይቻልም» ነው። ቁጥር 88፤ «ከቤተሰብ ርቄ ዶርም ነው ያለሁት፣ እንደ መንገደኛ ሁለት ረከዓ ልስገድ?» መልሱ አሁንም «አይቻልም»።

ለጥድፊያ የሚለይ ሰው ሦስቱን «መንገደኛ ሶላት ያሳጥራል ወይ?» በሚል አንድ ጥያቄ ያጣምራቸዋል። ከዚያ «ይቻላል» የሚለውን ከመረጠ የጫጫው ልጅ በየዓርቡ ያለ አግባብ ያሳጥራል። «አይቻልም» የሚለውን ከመረጠ የተፈቀደለትን መንገደኛ ከለከለ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ካተመ ደግሞ ኡስታዙ እርስ በርሳቸው የተጋጩ ይመስላል። እውነቱ ግን አንዱም መልስ ከሌላው አልተጋጨም።

የቁጥር 23 ጠያቂ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዑለማዎች አብዛኞቹ ለቀስር ያስቀመጡት ርቀት በዛሬ መለኪያ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን እሱ በመንገድ ላይ መንገደኛ ነው። ጫጫ ግን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ብትሆንም ርቀቷ ከዚህ መጠን በጣም ያንሳል። የቁጥር 88 ተማሪ ደግሞ ርቆ መጥቷል፤ ነገር ግን ሴሚስተሩን ሙሉ ሊቀመጥ ነው የመጣው። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን፣ በሐነፊይ መዝሀብ 15 ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሰው ሶላቱን ይሞላል። በየትኛውም ቢቆጠር ሴሚስተር ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሦስቱን መልሶች የለያያቸው ርቀትና የመቀመጥ ኒያ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በወረቀቱ ላይ በግልጽ አልተጻፉም።

ከዚህ የወጣው የማጣመሪያ ደንብ ቀላል ነው። የአንዱን መልስ ቃል በቃል ለሌላው ጠያቂ ብትሰጡት ትክክል ይሆናል? አዎ ከሆነ አጣምሩና ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፉ። ካልሆነ ለየብቻ አስቀምጡና «ተመልከት» በሚል አገናኟቸው።

ወጡ አቀማመጥ

ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሰጠነው ቅርጽ ሰባት መስመር አለው። ቁጥር 23 ተሰናድቶ ይህን ይመስላል፦

ቁጥር፦ 23
ባብ፦ ሶላት፣ የመንገደኛ ሶላት
ጥ፦ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲጓዝ በመንገድ ላይ ሶላት ማሳጠር ይችላል?
ሁኔታ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ፤ 130 ኪ.ሜ ያህል።
መ፦ ይችላል። ከከተማው ከወጣ በኋላ ዙህርን፣ ዐስርን እና ዒሻእን ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰግዳል። ሱብሒና መግሪብ አያጥሩም። ቤቱ ሲደርስ መንገደኛነቱ ያበቃል፤ ሶላቱን ይሞላል።
ማስረጃና መላሽ፦ ሱረቱ-ን-ኒሳእ 101፤ የኡስታዙ ስምና ደርሱ የተሰጠበት ቀን።
ተመልከት፦ 61፣ 88

እያንዳንዱ መስመር የራሱ ምክንያት አለው። ጥያቄው በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ጉዳይ ብቻ ይጠይቃል። መልሱ የሚጀምረው በብይኑ ነው፤ ይችላል፣ አይችልም፣ ይወደዳል፣ ይጠላል። ከዚያ ቅድመ ሁኔታው ይከተላል። ብይኑ ከተራዘመ ማብራሪያ በኋላ ከመጣ አንባቢው መሃል ላይ ያገኘውን «ይቻላል» ይዞ ይሄዳል። የመላሹ ስም የሚጻፈው መልሱ አማና ስለሆነ ነው። ሁለት መምህራን በሁለት መዝሀብ መልሰው ከሆነም ሁለቱን በየስማቸው በአንድ ጥያቄ ሥር እናስቀምጣለን፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የእኛ ሥራ አይደለም።

ከሁሉም የሚበልጠው «ሁኔታ» የሚለው መስመር ነው። ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ጥያቄ እንመለስ። በወረቀቱ ጀርባ የተጻፈው «ተየሙም ይቻላል» ብቻ ነበር። ቅርጹን ስንሞላ ሁኔታ የሚለው መስመር ባዶ ሆነ። ባዶው መስመር ነው ወደ ኡስታዙ የመለሰን። ሙሉው መልስ እንዲህ ነበር፤ ውሃው ጉዳት ያደርስብኛል ብሎ በእውነት የሚፈራና ማሞቂያ የሌለው ሰው ተየሙም ያደርጋል፤ ማሞቅ የሚችል ግን አሙቆ ይታጠባል። ማስረጃውም ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርድ ሌሊት ጀናባ ሆነው ተየሙም አድርገው ማሰገዳቸውና ነገሩ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር ፈገግ ማለታቸው ነው፤ ሐዲሡን አቡ ዳዉድ ዘግበውታል። ዐምር ያደረጉት ነፍሳቸውን ፈርተው ነው። ቅድመ ሁኔታው ተቆርጦ ቢታተም ኖሮ ዶርሙ ውስጥ ውሃ ማፍያ ያለው ሁሉ በሩኽሷው ይጠቀም ነበር። ስለዚህ ሁኔታው ባዶ የሆነ መልስ ካያችሁ ገምታችሁ አትሙሉት፤ ወደ መላሹ መልሱት። መላሹ ከሌሉ ሳይታተም ይቆይ።

የማይታተሙት

የጠያቂው ማንነት የሚታወቅበት ነገር ሁሉ ይወጣል። በዑስማኒያ ዘመን ሙፍቲዎች ዘንድ የባለጉዳዮቹ ስም ዘይድ፣ ዐምር፣ ሒንድ እየተባለ ይተካ ነበር፤ ፈትዋው ለሁሉ ይደርሳል፣ የሰውየው ገመና ግን ይሸፈናል። እኛ «አንድ ተማሪ»፣ «አንዲት እህት» እንላለን። ዲፓርትመንትና ዓመት እንኳ አንጽፍም፤ ትንሽ ዲፓርትመንት ውስጥ ይህ ስም ከመጥራት አይለይም። የሚወጣው ግን ብይኑን የማይለውጥ ዝርዝር ብቻ ነው፤ የቁጥር 61ን «ጫጫ» ብናወጣ መልሱ ትርጉም ያጣል።

የጠላቅ ጥያቄዎችን ደግሞ ጨርሶ አላስገባንም። መልሳቸው በተነገረው ቃል፣ በኒያና በሁለቱ ወገን ቃል ላይ ስለሚቆም አንብቦ ለራስ መውሰድ አደጋ አለው። ቦታቸው ዓሊም ፊት ወይም ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። እነዚህና ሁኔታቸው ሊሟላ ያልቻለው በድምሩ 12 ሆኑ።

ፊደሉና ሒሳቡ

በኮምፒውተር ስንጽፍ ያጋጠመን እንቅፋት የፊደል ጉዳይ ነው። አንዱ «ሶላት»፣ ሌላው «ሰላት»፣ ሦስተኛው «ሠላት» ይጽፋል። ለጆሮ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፈልግ ስትሉት አንዱን አምጥቶ ሁለቱን ይተዋል። ስለዚህ ከመተየብ በፊት አንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር አውጡ፤ ሶላት፣ ጠሃራ፣ ተየሙም፣ ኒያ እንዴት እንደሚጻፉ ይወሰን፣ ሁሉም ጸሐፊ ያንን ይከተል። በኤክሴል ሰንጠረዥ ጥያቄዎቹ ከ2ኛው እስከ 138ኛው ረድፍ፣ ባቡም በC ዓምድ ካለ ይህ የአንዱን ባብ ብዛት ይሰጣል፦

```
=COUNTIF(C2:C138,"ሶላት")
```

የሁሉም ባቦች ብዛት ሲደመር 137 ካልሆነ የሆነ ቦታ አንድ ባብ በሌላ ፊደል ተጽፏል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ሒሳቡ መዝጋት አለበት። ከ137 ጥያቄዎች 31 ከሌሎች ጋር ተጣመሩ፣ 12 ሳይታተሙ ቀሩ፤ የቀሩት 94 ናቸው። የታተመው ገጽ ላይ ተቆጥሮ 93 ከመጣ አንድ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ጠፍቷል፤ በቁጥሩ ተፈልጎ መገኘት አለበት። ሁለተኛው ፈተና በሰው ነው። ክምሩን ያላየ አንድ ወንድም ወይም እህት 20 ጥያቄዎችን ያለ ባባቸው ወስደው ይለዩ። ከእናንተ ጋር የማይስማሙበት አንድ ሁለት ከሆነ «ተመልከት» የሚለው መስመር ይበቃል። ስድስት ሰባት ከሆነ የባቦቹ ድንበር ለእናንተ ብቻ ነው ግልጽ የሆነው፤ ድንበሩ እንደገና ይሠመር።

ከዚያም 94ቱ ከመታተማቸው በፊት በሙሉ ለኡስታዙ ይነበባሉ። እኛ ቃላቸውን በአጭሩ ጻፍነው፣ ቦታ ሰጠነው፤ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» የሚሉት ግን እሳቸው ናቸው።

የሚቀጥለውን ሥራ የሚያቃልለው አንድ ነገር ከእናንተ ከጠያቂዎች እጅ አለ። በሳጥኑ የምትጨምሩት ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፤ ከሥሩም ከየት፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩ። መልሱን የምትይዙም ከ«ይቻላል» ቀጥሎ «መቼ?» የሚለውን ሳትጽፉ ወረቀቱን አታጥፉ።

ወላሁ አዕለም።